ገበያው ሌሊት፣ ወፍጮው ቀን፦ ስለ ቁልቋልና እሬት ለተጻፈው ጽሑፍ ምላሽ

«የበረሃ ተክሎች ሥራቸው የተገላቢጦሽ ነው። ቀን ይተኛሉ፤ ምግባቸውን የሚሠሩት ሌሊት በጨረቃ ብርሃን ነው። ካላመናችሁ ጠዋት ተነሱና ቁልቋል ቅመሱ፤ ይኮመጥጣል፣ ማታ ግን አይኮመጥጥም። እሬትም ሌሊት ኦክስጅን ያወጣል፤ መኝታ ቤታችሁ አንድ እሬት ካለ አየሩ ይጸዳላችኋል። ግንዱም ቅጠሉም ወፍራም የሆነ ተክል ሁሉ እንደዚህ ነው፤ መኖሪያውም ዝናብ የማያውቀው በረሃ ብቻ ነው። ይህን ጥበብ ጤፍ ቢያውቅ ኖሮ ድርቅ ባላስራበን ነበር።»

ጽሑፉ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር ሰንብቶ እኔ ዘንድ ሦስት ጊዜ ደረሰ፤ ከቀድሞ ተማሪዬ፣ ከአክስቴ ልጅ፣ በመጨረሻም ከጎረቤቴ። ጎንደር ውስጥ ባዮሎጂ ሳስተምር ብዙ ዓመት ስለሆነኝ እንዲህ ያለ ነገር ብርቅ አይሆንብኝም፤ አንብቤ ዝም ልል ነበር። ዝም ያላሰኘኝ የጎረቤቴ ነገር ነው፤ እሱን ቦታው ሲደርስ አነሳዋለሁ።

ጸሐፊው ከባዶ አልተነሱም። አንዳንድ ተክሎች ምግባቸውን ለመሥራት ሌሊቱንም የሚጠቀሙበት፣ ካም የሚባል መንገድ በእርግጥ አለ። ቁልቋል፣ እሬት፣ ቃጫ፣ በለስ ሁሉም ይጠቀሙበታል። ስሙም ክራሱላሴይ ከተባለው የተክል ቤተሰብ የተወሰደ ነው፤ በየግንቡ ጥግ የምናያት እንዳሁላ የዚያው ቤተሰብ ልጅ ናት። የጠዋቱ ኮምጣጣነትም እውነት ነው። ችግሩ ከዚህ እውነት የተነሡበት መንገድ ነው።

ከጨረቃዋ ልጀምር፤ እሷ ቀላሏ ናት። ሙሉ ጨረቃ የምትሰጠን ብርሃን ከፀሐይ ብርሃን 400,000 ጊዜ ገደማ ያነሰ ነው። በዚያ ብርሃን ስኳር የሚሠራ ተክል የለም። ጨረቃ በሌለችበት ድቅድቅ ሌሊትም ቁልቋል ሥራውን አያስታጉልም። እንግዲያው ሌሊት የሚሠራው ምንድን ነው?

ለተማሪዎቼ ይህን የማስረዳው በወፍጮ ነው። ገበያው የሚቆመው ሌሊት ብቻ የሆነ አገር አስቡ። የቤቷ እመቤት ሌሊት ወጥታ እህሏን ትሸምታለች፤ አምጥታ ጎታ ውስጥ ትገለብጠዋለች። ወፍጮ ቤቱ ግን መብራት የሚመጣለት ቀን ነው። ስለዚህ ሲነጋ በሯን ዘግታ ከጎታው እየዛቀች ታስፈጫለች። ለቁልቋል እህሉ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ መብራቱ ፀሐይ ነው። ሌሊት ስቶማታ የሚባሉት የግንዱ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ይከፈታሉ፤ የገባውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ፔፕ ካርቦክሲሌዝ የተባለ ኢንዛይም ይይዘዋል፤ ከጥቂት እርምጃ በኋላ ማሊክ አሲድ ይሆናል። አሲዱ የሚጠራቀመው ቫኩዮል በተባለው የህዋሱ ከረጢት ውስጥ ነው፤ በእነዚህ ተክሎች ከረጢቱ የህዋሱን አብዛኛውን ቦታ ይይዛል። ይህ ጎታው ነው። ሲነጋ ቀዳዳዎቹ ይዘጋሉ፤ አሲዱ ከከረጢቱ እየወጣ ይፈርሳል፤ የተለቀቀውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሩቢስኮ የተባለው ሌላ ኢንዛይም በፀሐይ ጉልበት ወደ ስኳር ያስገባዋል። ይህ የመጨረሻው እርምጃ ስንዴም ባሕር ዛፍም የሚያደርጉት ያው ነው፤ ሰዓቱም ያው ቀን ነው።

ስለዚህ ቁልቋል ቀን አይተኛም። እንዲያውም ከቀኑ 6 ሰዓት ላይ ውጭው ጭር ብሎ ውስጡ በሥራ የተጠመደ ነው። አሲዱ ሲፈርስ በተዘጋው ግንድ ውስጥ ያለው የካርቦን ዳይኦክሳይድ መጠን ከውጭው አየር በብዙ እጥፍ ከፍ ይላል። ይህ ሁለት ነገር ያደርጋል። አንደኛ፣ ቀዳዳዎቹ ተዘግተው እንዲቆዩ የሚያደርግ ዋና ምልክት እሱ ራሱ ነው፤ ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲበዛ ስቶማታ ይዘጋል፣ ሲያንስ ይከፈታል። ብዙ ሰው «ተክሉ ፀሐይን ፈርቶ ይዘጋል» ይላል፤ እውነቱ ግን ጎታው ስለሞላ ገበያ አያስፈልገውም የሚለው ነው። ሁለተኛ፣ ሩቢስኮ አንድ ክፉ አመል አለው፤ ሙቀት ሲበረታ በካርቦን ዳይኦክሳይድ ፋንታ ኦክስጅን ይይዝና የተሠራውን ሥራ ያባክናል። ዙሪያው በካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲሞላ ግን ስሕተቱ በጣም ይቀንሳል። አንድ ጥንቃቄም አለ፤ የሌሊቱ ኢንዛይም ቀን ሥራ ካልፈታ የተለቀቀውን መልሶ ይይዘውና ሥራው ሁሉ ውሃ መውቀጥ ይሆናል። ስለዚህ ተክሉ ቀን ቀን ያንን ኢንዛይም ያዳክመዋል።

በጽሑፉ ውስጥ ፈልጌ ያጣሁት ግን «ለምን ሌሊት?» የሚለውን ነው። ያለዚህ ጥያቄ ካም ከጉድ ወሬ አያልፍም፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

ማንኛውም ተክል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ለማስገባት አፉን ሲከፍት በዚያው አፍ ውሃ ይወጣበታል። ምን ያህል ይወጣል የሚለውን የሚወስነው በቅጠሉ ውስጥ ባለውና በውጭ ባለው የውሃ ተን መካከል ያለው ልዩነት ነው። የቅጠል ውስጥ አየር ሁልጊዜ በውሃ ተን የጠገበ ነው። የጠገበ አየር የሚይዘው የተን መጠን ደግሞ በሙቀት ይለያያል፤ ሲሞቅ ብዙ ይይዛል፣ ሲቀዘቅዝ ጥቂት።

አሁን የካቲትን ጎንደር ላይ እናስብ። ከቀኑ 9 ሰዓት ነው፤ አየሩ 27 ዲግሪ፣ እርጥበቱ 30 በመቶ፣ ፀሐይ የመታው ቅጠል 30 ዲግሪ ደርሷል እንበል። በ30 ዲግሪ የጠገበ አየር የተን ግፊቱ 4.2 ኪሎፓስካል ነው። የውጭው አየር ያለው 1.1 ብቻ ነው። ልዩነቱ 3.1። አሁን ወደ ሌሊቱ 10 ሰዓት እንሂድ፤ ጋቢ የሚያስደርብ ብርድ ነው፣ አየሩም ቅጠሉም 13 ዲግሪ፣ እርጥበቱ 60 በመቶ። በ13 ዲግሪ የጠገበ አየር 1.5 ነው፤ ውጭ ያለው 0.9። ልዩነቱ 0.6። ያው ቀዳዳ እኩል ተከፍቶ፣ ሌሊት የሚያወጣው ውሃ ቀን ከሚያወጣው አንድ አምስተኛ ገደማ ነው ማለት ነው።

እዚህ ላይ ተማሪዎች ሁልጊዜ የሚስቱትን ነገር ልብ በሉ። የውጭው አየር የያዘው ተን ቀንም ሌሊትም ብዙም አልተለወጠም፤ 1.1 የነበረው 0.9 ሆነ። በጣም የተለወጠው የቅጠሉ የራሱ ሙቀት ነው። ካም የሚያዋጣው ሌሊቱ እርጥብ ስለሆነ ሳይሆን ቅጠሉ ስለሚቀዘቅዝ ነው። ለዚህ ነው ቀኑ የሚያቃጥል፣ ሌሊቱ የሚበርድ፣ ሰማዩ የጠራ አገር ለእነዚህ ተክሎች የሚመቻቸው። ሌሊቱም እንደ ቀኑ የሚያቃጥል ቆላ ላይ ቁጠባው ይቀንሳል፤ የሌሊቱ አሲድ ማጠራቀምም ይዳከማል።

ከዚህ የሚመጣው ውጤት በመጻሕፍት እንዲህ ይቀመጣል። እንደ ስንዴና ባቄላ ያለ ተራ ተክል አንድ ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ለማስገባት ከ400 እስከ 500 ግራም ውሃ ያጣል። በቆሎና ማሽላ ያሉበት ወገን ከ250 እስከ 300። የካም ተክሎች ከ50 እስከ 100።

«ቀን ዝግ፣ ሌሊት ክፍት» የሚለው ግን ለበጋ እንጂ ለዓመቱ ሙሉ አይሠራም፤ እኔም ክፍል ውስጥ ለማቅለል እንዲያ እያልኩ ስለማስተምር ጸሐፊውን በዚህ አልወቅስም። ክረምት መሬቱ ሲጠግብ ብዙዎቹ የካም ተክሎች ጎታው ባዶ የሆነበትን የከሰዓቱን መጨረሻ ተጠቅመው በብርሃን ይከፈታሉ፤ እንደ ማንኛውም ተክል በቀጥታ ይሠራሉ። በተቃራኒው ግንቦት ላይ ድርቁ ሲበረታ ሌሊትም አይከፈቱም። ቀንም ሌሊትም ተዘግተው ራሳቸው የተነፈሱትን ካርቦን ዳይኦክሳይድ መልሰው እያዞሩ ይቆያሉ። አያድጉም፣ አይሞቱም። አጥር ላይ ያለው ቁልቋል ከመጋቢት እስከ ግንቦት ቅንጣት ሳይለወጥ የሚታየው ለዚህ ነው።

ወደ ቅምሻው ልምጣ። ነገሩ የተገኘውም በምላስ ነው። በ1813 ቤንጃሚን ሄይን የተባለ ሰው በጻፈው ደብዳቤ የእንዳሁላ ዘመድ የሆነች ተክል ቅጠል ጠዋት እንደሚኮመጥጥ፣ እኩለ ቀን ላይ ጣዕም እንደሌለው፣ ወደ ማታ ትንሽ እንደሚመር መዝግቧል። ስለዚህ ጸሐፊው «ቅመሱ» ማለታቸው በክፉ አይታይም። «ቁልቋል ቅመሱ» ማለታቸው ግን አደገኛ ነው። የቁልቋል ወተት አፍና ጉሮሮ ያቃጥላል፤ ዓይን ውስጥ ከገባ ዓይን ያጠፋል። አጥር የቆረጠ ገበሬ ሁሉ ያውቀዋል። እንዳሁላንም አትቅመሱ፤ ልብን የሚጎዳ መርዝ የያዙ ዘመዶች አሏት። እሬት ደግሞ ጡት ለማስጣል የሚቀባ መራራ ነው፤ ኮምጣጣነቱን ከምሬቱ የሚለይ ምላስ ገና አላገኘሁም። መቅመስ የፈለገ እሾኩ በደንብ የተነሳለት በለስ ይበቃዋል። ሜክሲኮዎች ያንን ጠፍጣፋ ግንድ እንደ አትክልት ይበሉታል፤ ጠዋት የተቆረጠው ይበልጥ እንደሚኮመጥጥም ያውቃሉ።

እኛ በምላስ ፋንታ በጠርሙስ ነው የምናደርገው። ካለፈው ዓመት የየካቲት ትምህርት አንዱን ልንገራችሁ። ሁለት ተማሪዎች ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ከአንድ የበለስ ተክል ያደገ ግንድ መርጠው 10 ግራም ቆረጡ፤ እዚያው ከትፈው በ50 ሚሊሊትር ውሃ አፈሉት። ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ከዚያው ግንድ ሌላ 10 ግራም ቆርጠው እንዲሁ አደረጉ። የበለስ ጭማቂ እንደ ተልባ ይለጎጋል፤ በወረቀት አልጠልል ብሎ በነጠላ ጨርቅ ነው የጨመቅነው። ከዚያ አሲዱ ሲያልቅ ቀለም የሚያወጣውን ፌኖልፍታሊን ጠብ አድርገን በሊትር 0.1 ሞል የሆነ የኮስቲክ ሶዳ ውሃ ቀስ እያልን ጨመርን፤ ቀለሙ ሐምራዊ ሆኖ እስኪጸና ድረስ።

የጠዋቱ 10 ሚሊሊትር ገደማ ጠጣ። የከሰዓቱ 2 ሚሊሊትር። ልዩነቱ 8 ሚሊሊትር ነው፤ ይህም 0.8 ሚሊሞል አሲድነት ማለት ነው። አንድ ማሊክ አሲድ ሁለት ሃይድሮጅን ስለሚሰጥ ማሊክ አሲዱ 0.4 ሚሊሞል ነው። እያንዳንዱ ማሊክ አሲድ አንድ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ተሸክሟል፤ ስለዚህ 10 ግራሙ ግንድ በዚያ ሌሊት 0.4 ሚሊሞል፣ በክብደት 18 ሚሊግራም ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ በአሲድ መልክ አስቀምጧል። ይህን ቁጥር ያዙልኝ፤ ለእሬቱ ጉዳይ እፈልገዋለሁ።

መሞከር የሚፈልግ መምህር ካለ የከሸፈብንንም ልናገር። አንድ ዓመት ተማሪዎቹ ጎህ ሲቀድ የቆረጡትን በመስኮቱ ደፍ ላይ አስቀምጠው ክፍል ገቡ። ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ስንለካው የኮምጣጣው ግማሽ የለም። የተቆረጠው ግንድ አልሞተም ነበር፤ ፀሐይ ሲያገኘው ሥራውን ቀጠለ። ወዲያው ማፍላት የግድ ነው። ሌላ ጊዜ ደግሞ አዲስ ያቆጠቆጠ ለጋ ግንድ አመጡልኝ፤ ልዩነት ጠፋ። የበለስ ለጋ ግንድ ካምን ገና አልጀመረም፤ እንደ ተራ ቅጠል ቀን ነው የሚከፈተው። ቀኑን ሙሉ ሲደምን ከዋለ ማግስትም ልዩነቱ ይሳሳል፤ የሌሊቱ አሲድ የሚሠራው ቀን ከተጠራቀመ ስታርች ነውና። ኮስቲክ ሶዳው ቆዳና ዓይን ይበላል፤ መነጽር ሳያደርጉ አይነካም።

አሁን ወደ መኝታ ቤቱ። ኦክስጅን የሚወጣው ተክሉ በብርሃን ጉልበት ውሃን ሲሰነጥቅ ነው። ብርሃን ከሌለ ስንጠቃ የለም፣ ኦክስጅንም የለም። እሬት ሌሊት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያስገባል፤ ኦክስጅን ግን አያወጣም፤ እንዲያውም እንደ እኛው ይተነፍሳልና ትንሽ ይጠቀማል። ኦክስጅኑን የሚሠራው ቀን ነው፤ እሱም በተዘጋው ቅጠል ውስጥ ተከማችቶ ቀስ እያለ ይወጣል። ሳንሰቪየሪያ የተባለችው፣ የእባብ ቆዳ የምትመስለው የቤት ተክልም ልክ እንደዚሁ ናት።

«ኦክስጅኑ ይቅር፣ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን መምጠጡስ?» ለሚል ሰው ያ ቁጥር እዚህ ያስፈልጋል። 10 ግራም በለስ 18 ሚሊግራም ካስቀመጠ አንድ ኪሎ 1.8 ግራም ይሆናል። የተኛ አዋቂ ሰው በስምንት ሰዓት ውስጥ ወደ 150 ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይተነፍሳል። አንድ ሰው የተነፈሰውን ለመምጠጥ ከ80 ኪሎ በላይ ተክል ያስፈልጋል፤ ያውም በደህና ሌሊት፣ የተክሉን የራሱን ትንፋሽ ሳንቆጥር። አልጋውን ለበለሱ ለቆ ሳሎን መተኛት ይቀላል። መስኮት ገርበብ ማድረግ ደግሞ ከዚህም ይቀላል።

ይህን ሁሉ ያስጻፈኝ ጎረቤቴ ናቸው። እትዬ ብዬ የምጠራቸው ደግ ሴት ናቸው፤ ማታ ቡና አፍልተው ሲጨርሱ ፍም ያለበትን ምድጃ ለብርዱ ብለው ልጆች የሚተኙበት ክፍል ያስገባሉ። «እትዬ፣ ተዉ፣ ጭሱ ይገድላል» ስላቸው እሬቱን አሳዩኝ። «አይዞህ ልጄ፣ እሱ ይጠባዋል፤ ስልኬ ላይ አንብቤያለሁ» አሉኝ። ከከሰል የሚወጣው ገዳይ ጋዝ ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። ሽታ የለውም፣ ቀለም የለውም፤ የሌሊቱ ኢንዛይም የሚይዘው ካርቦን ዳይኦክሳይድን እንጂ እሱን አይደለም። እሬት ቢደረደር ከዚያ አያድንም። ጸሐፊው ስለ ከሰል አንድም ቃል አላነሱም፤ ጥፋቱን ሁሉ በእሳቸው ላይ ማሸከም ግፍ ይሆናል። «አየሩን ያጸዳላችኋል» የሚለው ቃል ግን አንባቢው ቤት ሲገባ የት ድረስ እንደሚሄድ ይኸው ነው። ያንን አንድ ዓረፍተ ነገር ቢያነሱት ደስ ይለኛል።

ስለ ወፍራምነትና ስለ በረሃ የተባለው ግማሽ እውነት ነው። አሲድ ለማጠራቀም ሰፊ ከረጢት ስለሚያስፈልግ የካም ተክሎች አብዛኛውን ጊዜ ወፍራም ናቸው። ወፍራም ሁሉ ግን ካም አይደለም። በአፋር ጨዋማ መሬት ላይ የምትበቅለው ሱዌዳ ሞኖይካ ቅጠሏ ውሃ የቋጠረ ነው፤ ውፍረቷ ከጨው ጋር የመኖር ዘዴ ነው እንጂ ቀን ተከፍታ እንደ በቆሎ ባለው መንገድ ነው የምትሠራው። ግራርን ደግሞ ተመልከቱ፤ በየበረሃው ያለ ዛፍ ነው፣ ቅጠሉ ስስ ነው፣ ካምም የለውም፤ ሥሩን ወደ ጥልቅ ሰድዶ ነው የሚኖረው። ድርቅን መቻያው መንገድ አንድ ብቻ አይደለም።

መኖሪያውም ቢሆን ዝናብ የማያውቀው በረሃ አይደለም። ቁልቋልና በለስ ውሃ የሚቋጥሩት ከአንዱ ዝናብ እስከሚቀጥለው ለመድረስ ነው፤ ዝናቡ ጭራሽ ካልመጣ የሚቋጠር ነገር የለም። እጅግ በደረቁት፣ ዝናብ ለዓመታት በሚቀርባቸው በረሃዎች ግንዳቸው ውሃ የቋጠረ ተክሎች ይሳሳሉ። የሚበዙት ዝናቡ ትንሽም ቢሆን ወቅቱን ጠብቆ በሚመጣበት ነው። ጎንደር ራሷ በረሃ አይደለችም፤ ክረምቱ ጥሩ ነው፣ ከዚያ ግን ረጅም በጋ ይመጣል። ቁልቋልን አጥራችን ላይ ያቆየው ያ ረጅም በጋ ነው። አናናስና ቫኒላም ካም ናቸው፤ ብዙ ዛፍ ላይ የሚበቅሉ ኦርኪዶችም እንዲሁ። የኦርኪዱ ነገር ዝናባም ደን ውስጥ ሆኖም ይገባል፤ ሥሩ አፈር ስለማይነካ ዝናቡ ባቆመ በማግሥቱ እሱ በረሃ ላይ ነው።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ውሃ ውስጥ የሚኖረው ነው። አይሶኢተስ የሚባሉ ትናንሽ፣ ሣር የሚመስሉ ተክሎች በኩሬና በሐይቅ ጠርዝ ሰምጠው ይኖራሉ፤ ካምም ይጠቀማሉ። ውሃ ውስጥ ያለ ተክል ውሃ የሚቆጥበው ለምንድን ነው? አይቆጥብም። ቀን ቀን በኩሬው ያሉት ተክሎች ሁሉ እየተሻሙ ውሃው ውስጥ ያለውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያሟጥጡታል፤ ሌሊት ሁሉም ሲተነፍስ መልሶ ይሞላል። አይሶኢተስ ሌላው በማይሸምትበት ሰዓት ገበያ ትወጣለች። ጆን ኪሊ የተባለ ተመራማሪ ይህን በ1981 ሲያሳውቅ ካምን ከድርቅ ጋር ብቻ ያያይዝ የነበረው አስተሳሰብ ተናጋ። የካም ሥራ ካርቦን ዳይኦክሳይድን ሌሊት ማስገባት ነው፤ ውሃ መቆጠቡ በደረቅ አገር የሚያስገኘው ትርፍ ነው። ትልቁ ትርፍ እሱ መሆኑን ግን አልክድም።

ጤፍ ይቀራል። በመጀመሪያ ጤፍ እንደ ማሽላና በቆሎ ነው፤ እነሱም ካርቦን ዳይኦክሳይድን መጀመሪያ የሚይዙት በዚያው ፔፕ ካርቦክሲሌዝ ነው። ልዩነቱ እነሱ የሚያስተላልፉት በአንድ ቅጠል ውስጥ ከአንዱ ህዋስ ወደ ሌላው፣ እዚያው በቀን ብርሃን መሆኑ ነው፤ ቁልቋል ደግሞ ከሌሊት ወደ ቀን። ስለዚህ ጤፍ ይህን ጥበብ አያውቅም ማለት ራሱ ሙሉ እውነት አይደለም፤ ግማሹን ያውቃል።

ሌላውን ግማሽ ለምን አልያዘም ለሚለው ጎታውን ተመልከቱ። የካም ተክል በአንድ ቀን የሚሠራው ሌሊት ጎታው የያዘለትን ያህል ነው። ከረጢቱ ሲሞላ፣ ሌሊቱ ገና ቢሆንም ገበያው ያበቃል። ክር የመሰለው የጤፍ ቅጠል ይህን አሲድ የት ያስቀምጠዋል? ለዚያ ቅጠሉ መወፈር አለበት፤ ቅጠል ማወፈር ጊዜና ንጥረ ነገር ይበላል። አሲዱን ወደ ከረጢቱ መግፋትና የፈረሰውን ቅሪት መልሶ ስታርች ማድረግም ጉልበት ያስከፍላል። ጤፍ ሐምሌ ተዘርቶ ኅዳር ላይ መታጨድ አለበት። የእሱ የድርቅ ዘዴ ድርቁ ሳይመጣ ጨርሶ መውጣት ነው። ዝናብ ባለበት በዚያ አጭር ጊዜ ውሃ መቆጠብ ሳይሆን መፍጠን ነው የሚያዋጣው፤ በፍጥነት ደግሞ ካም ይሸነፋል።

ሐሳቡ ግን የቂል ሐሳብ አይደለም። ካምን እንደ ፖፕላር ዛፍ ባሉ ተራ ተክሎች ላይ ለማስገባት የሚሞክሩ ተመራማሪዎች አሉ። አስቸጋሪው አንድ ዘረመል ማስገባቱ ሳይሆን ብዙ ዘረመሎችን በሰዓት ማሠራቱ፣ የስቶማታውን ሰዓት መገልበጡና ቅጠሉን ማወፈሩ ነው። በረጅም በጋ ለከብት መኖ የሚሆን ነገር የሚፈልግ ሰው ግን እስከዚያ መጠበቅ የለበትም፤ እሾክ አልባው በለስ ካም ሆኖ የተፈጠረ ነው። ውሃ የበዛበትና ፕሮቲኑ አነስተኛ ስለሆነ ለብቻው አይበቃም፤ ከጭድና ከሌላ መኖ ጋር ነው የሚሰጠው።

ጸሐፊው ጎንደር ብቅ ካሉ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ በለሱን አብረን ብንቆርጥ ደስ ይለኛል፤ ጋቢ ይያዙ። የሚመጡት ግን የካቲት ወይም መጋቢት ላይ ይሁን። ሐምሌ ላይ ከመጡ ሰማዩ ቀኑን ሙሉ ደምኖ ይውልና የጠዋቱና የከሰዓቱ ጠርሙስ ሊቀራረብ ይችላል፤ ያኔ ደግሞ ቀጣዩን ጽሑፍ በእኔ ላይ ይጽፉብኛል።